ከፈተናው ቀን አስቀድሞ በሩንና ክፍሉን ማወቅ

ባለፈው ዓመት ክረምት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከእናቷ ጋር ወደ ቤቴ መጥታ ነበር። እናቲቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጠላ እየጠመቀች ልጇን ያሳደገች ሴት ናት። ልጅቱ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ ለሁለተኛው ዲግሪ መግቢያ ፈተና ተመዝግባ፣ ሦስት ወር ያህል ሌሊቱን ሁሉ ስታጠና ቆይታለች። በፈተናው ቀን ከጠዋቱ 1:30 ላይ በዩኒቨርሲቲው ትልቅ በር ተገኘች። ፈተናው የሚጀመረው በ2:30 ስለ ነበር አንድ ሰዓት ሙሉ ቀርቷታል ማለት ነው። እርሷም የቀረውን ጊዜ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ማስታወሻዋን በመከለስ አሳለፈችው። 2 ሰዓት ሲሆን ተነሥታ ካርዷን ለበረኛው ብታሳይ፣ «እኅቴ፣ ይህ እኮ በዚህ ግቢ አይደለም፤ በወዲያኛው ግቢ ነው» አላት።

ወዲያኛው ግቢ ከከተማው ማዶ ነበር። ታክሲ ተሳፍራ እስክትደርስ፣ በሩን ጠይቃ እስክታገኝ፣ ሕንፃውንም እስክትለይ ድረስ ሰዓቱ 3:05 ሆነ። ፈታኙም ደንቡ አይፈቅድም ብሎ መለሳት። ቀጣዩ ፈተና የሚሰጠው በዓመቱ ነበርና ዓመቱን ሙሉ ጠበቀች።

ይህች ልጅ ትምህርቷን አውቃ ነበር፤ በሰዓቱም ደርሳ ነበር። ያላደረገችው ነገር ቢኖር፣ ከፈተናው ቀን በፊት አንድ ቀን ሄዳ ቦታውን በዓይኗ አለማየቷ ነው። በካርዷ ላይ የዩኒቨርሲቲው ስም በትልቁ፣ የኮሌጁና የትምህርት ክፍሉ ስም ግን ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። እርሷ ትልቁን አንብባ ትልቁን በር ያዘች። በዚህ ዓመት ልጆቻችሁን ለፈተና ወይም ለምዝገባ የምትልኩ ወላጆች ይህ እንዳይደርስባችሁ በማሰብ፣ የዚህን ወር ገጽ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ አውየዋለሁ።

የመፈተኛ ካርድ፣ አድሚሽን ካርድ የሚሉት ማለት ነው፣ ቦታን ሲያመለክት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይናገራል፤ ይኸውም ግቢውን፣ ሕንፃውን ወይም የትምህርት ክፍሉን፣ የክፍሉንም ቁጥር ነው። በየትኛው በር እንደሚገባ ግን ብዙ ጊዜ አይጽፍም። ከእነዚህም ሁሉ በስሕተቱ ብዙ የሚያስከፍለው ግቢው ነው። ክፍል የተሳሳተ ሰው በአምስት ደቂቃ ይታረማል፤ ሕንፃ የተሳሳተም በሩብ ሰዓት ይመለሳል። ግቢ የተሳሳተ ሰው ግን የከተማውን መንገድ እንደ ገና መጀመር አለበት።

ለምሳሌ ያህል የአዲስ አበባን ዩኒቨርሲቲ እንውሰድ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው በአራት ኪሎ ነው። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ስለ ሰጡ ዋናው ግቢ ስድስት ኪሎ ሆነ። ዛሬ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት በአራት ኪሎ፣ የምሕንድስናው በአምስት ኪሎ፣ የሕክምናው በጥቁር አንበሳ ይሰጣል። የእንስሳት ሕክምናው ኮሌጅ ከከተማው ውጭ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ ይገኛል። ስለዚህ «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ስም ብቻውን ቦታ አያመለክትም። የኮሌጁ ስምም ቢሆን ሁልጊዜ አይበቃም። በአምስት ኪሎ የነበረው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና በልደታ የነበረው የሕንፃና የከተማ ልማት ትምህርት ቤት በቅርብ ዓመታት በአንድ ኮሌጅ ሥር ተጠቃልለዋል፤ ግቢዎቹ ግን ያው በየስፍራቸው ናቸው። የኮሌጁን ስም ይዞ የሚሄድ ሰው ከሁለቱ በየትኛው እንደሚፈተን መጠየቅ ይገባዋል። የባሕር ዳርም ነገር እንዲሁ ነው፤ አገሬው «ፔዳ» እና «ፖሊ» ብሎ የሚጠራቸው ሁለቱ ግቢዎች የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ሳለ በሩም መንገዱም የተለያየ ነው።

አሁን ባለፈው ሰኔ የሆነውን ላጫውታችሁ። አንድ የደብረ ብርሃን ሰው፣ የቆየ ወዳጄ ነው፣ ልጁ በአራት ኪሎ ግቢ የመግቢያ ፈተና እንደሚቀመጥ ገልጦ፣ «አንተ አገሩን ታውቃለህና አደራህን» ሲል ጻፈልኝ። ልጁ 130 ኪሎ ሜትሩን መንገድ በአውቶቡስ መጥቶ ላምበረት መናኸሪያ ወረደና ኮተቤ ከአጎቱ ቤት ዐረፈ። ፈተናው ቅዳሜ ስለ ነበር ሐሙስ ዕለት ሄደን እንድናይ ተቃጠርን። ሐሙስን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ቢሮ የሚከፈተው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው፤ ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት በኋላ ከ7:30 እስከ 11:30 ይሠራል። ዓርብ ጠዋት ግን በ5:30 ይዘጋል። ዓርብ ሄደን የምንፈልገውን ሰው ብናጣ ሌላ የሥራ ቀን አይተርፈንም፤ ሐሙስ ብናጣው ግን ዓርብ አለ።

መንገዱን ስንጀምር ልጁን፣ «ቅዳሜ በምትነሣበት ሰዓት እንነሣ፤ የየቦታውንም ሰዓት ጻፍ» አልሁት። ከቤት 12:40 ወጣን። በ1:05 መገናኛ ደረስን። ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዘን በ1:40 አራት ኪሎ አደባባይ ወረድን። በ1:45 ከግቢው በር ነበርን። ይህን ጊዜ ካርዱን አውጥቶ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። «መምህር፣ ሰዓቱ 8:30 ይላል። ከምሳ በኋላ ነው ማለት ነው?» አለኝ። ካርዱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበርና ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከእርሱ ላይ ስድስት ሲቀነስ ጠዋት 2:30 ይሆናል። ልጁ እንዳሰበው ከሰዓት በኋላ 8:30 መጥቶ ቢሆን ኖሮ ከአዳራሽ የሚወጡትን ይቀበል ነበር። ስለዚህ በካርድ ላይ የተጻፈ ሰዓት ሁሉ፣ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ ተብሎ በሰው አንደበት መረጋገጥ አለበት። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ የዕለቱን ስም መጠየቅ ይበቃል። «ቅዳሜ ነው» ከተባለ የኛም ሆነ የፈረንጅ አቆጣጠር ያው ቅዳሜ ነው።

በረኛው ሽምግልና የጀመረው ትሑት ሰው ነበር። ካርዱንና የልጁን መታወቂያ አየና፣ «ዛሬ ለምንድን ነው የመጣችሁት? ፈተናው ቅዳሜ ነው» አለን። «አባቴ፣ ልጁ እንግዳ ስለ ሆነ የሚፈተንበትን ክፍል አይቶ እንዲመለስ ነው» አልሁት። እርሱም መታወቂያችንን ተቀብሎ በመዝገብ ጻፈና አስገባን። ይህ በሁሉ ዘንድ አይገኝም፤ የተማሪ መታወቂያ የሌለውን ሰው ከፈተናው ቀን በቀር የማያስገባ ግቢ ብዙ ነው። ካላስገቡም ደክሞ መመለስ አያስፈልግም። ከበሩ ቆሞ በረኛውን ሦስት ነገር መጠየቅ ይቻላል፤ በፈተናው ቀን ለተፈታኞች የሚከፈተው የትኛው በር ነው? በስንት ሰዓት ይከፈታል? ምን ይዞ መግባት የተከለከለ ነው? ከዚያም ከግቢው የሚወጣ አንድ ተማሪ አስቁሞ፣ ሕንፃው ከበሩ ወዲህ ነው ወዲያ ብሎ ማስረዳት እንዲችል በወረቀት ላይ እንዲሥል መለመን ነው።

እኛም እነዚህኑ ጥያቄዎች ጠይቀን የሚያስገርም መልስ አገኘን። በሥራ ቀን ለእግረኛ የሚከፈተው ትንሹ በር ቅዳሜ ዝግ ነው። ተፈታኝ ሁሉ የሚገባው በአንድ በር ሆኖ፣ በዚያም እየተፈተሸ ነው። በመጨረሻም፣ «ስልክ ይዞ የመጣ አይገባም፤ እኛም አናስቀምጥለትም» አለን።

ወላጆች ሆይ፣ በዚህ በስልክ ነገር ላይ ጥቂት እንቆይ። ዛሬ ልጆቻችን መንገድ የሚያውቁት በስልካቸው ካርታ ነው። «ለምን እደክማለሁ? በዕለቱ ካርታው ያደርሰኛል» ይላሉ። ነገር ግን ስልክ በማይገባበት ፈተና ካርታው ከቤት ይቀራል። ስልኩን ይዞ የመጣ ደግሞ ከበሩ ላይ ለማን እሰጣለሁ ብሎ ሲጨነቅ ሰዓቱ ያልፍበታል። በተጨማሪም የስልክ ካርታ ከግቢው በር ያደርስ እንደ ሆነ ነው እንጂ የሕንፃውን ደረጃና የክፍሉን ቁጥር አይናገርም። ስለዚህ መንገዱ በወረቀት ተጽፎ በኪስ መግባት አለበት። ልጁን የሚሸኝ ሰው ካለም ፈተናው ሲያልቅ የት እንደሚገናኙ አስቀድመው ይቃጠሩ፤ ደውሎ መጠያየቅ የለምና።

ከገባን በኋላ የተጓዝነው ወደ ሕንፃው ሳይሆን በመጀመሪያ ወደ ትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ነው። ምክንያቱም ካርዱ የታተመው ከሳምንታት በፊት ሲሆን፣ የክፍል ድልድል ግን እስከ መጨረሻው ቀን ሊለወጥ ይችላል። ክፍል ሲታደስ፣ ወይም የተፈታኙ ቁጥር ሲበዛ፣ ለውጡ በጽሕፈት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል እንጂ በካርዱ ላይ አይታረምም። ጸሐፊዋ ካርዱን አይታ፣ «204 ነው፤ አልተለወጠም። የስም ዝርዝሩ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይለጠፋል፤ ቅዳሜ ደግሞ በየክፍሉ በር ላይ ይሆናል» አለችን። ከዚያም ሳንጠይቃት አንድ ቁም ነገር ጨመረችልን። «በዚህ ግቢ 204 የሚባል ክፍል አንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የናንተ ከኋላ ባለው ሕንፃ ነው» አለች። እኔም ልጁን በካርዱ ጀርባ «የኋላው ሕንፃ» ብሎ እንዲጽፍ አደረግሁት።

ወደ ኋላው ሕንፃ ስንደርስ ልጁ በፍጥነት ሁለት ፎቅ ወጣ። እኔ ከታች ቆሜ ጠበቅሁት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፊቱ ተለውጦ ወረደና፣ «መምህር፣ ከላይ ያለው 301፣ 302 እያለ ነው የሚሄደው፤ 204 የለም» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ ሕንፃ ከምድር ጋር እኩል የሆነው ወለል ከቁጥር አይገባም፤ ከእርሱ በላይ ያለው አንደኛ ፎቅ፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ፎቅ ይባላል። በዚያ ልማድ 204 የሚገኘው ሁለት ፎቅ ተወጥቶ ነው። በሌላ ሕንፃ ግን የምድሩ ወለል ራሱ አንድ ተብሎ ይቈጠራል፤ በታች ያሉት ክፍሎች 101፣ 102 ይባላሉ፤ እንግዲህ 204 አንድ ፎቅ ብቻ ተወጥቶ ይገኛል። የኋላው ሕንፃ የዚህ ዓይነት ነበር። የሕንፃውን አቈጣጠር ለማወቅ ደረጃ መውጣት አያስፈልግም፤ ከመግቢያው አጠገብ ያለውን የመጀመሪያ ክፍል ቁጥር ማየት ይበቃል። በአንድ መቶ ከጀመረ ምድሩ አንድ ነው፤ በዜሮ ወይም በጂ ፊደል ከጀመረ ምድሩ ከቁጥር ውጭ ነው።

ክፍሉን አገኘን። በሩ ተቈልፎ ነበር፤ ቢሆንም በመስኮት አይተን ወንበሩ ወደየት እንደሚመለከት፣ መጸዳጃውም በየትኛው ጫፍ እንደሆነ ዐወቅን። ከግቢው በር እስከዚያ ድረስ፣ በጽሕፈት ቤቱ የቆየንበትን ሳንቈጥር፣ 10 ደቂቃ ሆነ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሒሳቡን አብረን ሠራን። ከኮተቤ እስከ በሩ 65 ደቂቃ፣ ከበሩ እስከ ክፍሉ 10 ደቂቃ፣ በድምሩ 75 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ግን ሰልፍ በሌለበት ቀን ነው። ቅዳሜ በአንድ በር ሰው ሁሉ ተፈትሾ ሲገባ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንደሚጨምር ገመትን፤ 105 ደቂቃ ሆነ። ከፈተናው 45 ደቂቃ ቀድሞ፣ በ1:45 ከክፍሉ በር ይገኝ ዘንድ ከቤት የሚወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜ ማለዳ መንገዱ ቢቀልም ታክሲው ጥቂት ስለሆነ አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል ብለን ከዚህ አላሳነስንም።

እዚህ ላይ የሚታወስ ሌላ ነገር አለ። ሰዓት የሚለካው በሚመስለው ቀን ነው። ለአራት ኪሎ የሚሄድ ሰው ፈተናው ሐምሌ 7 ቀን ቢውል፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የሚነግሠውን በዓል የማያውቅ አንባቢ የለምና፣ በዚያ ዙሪያ የሚኖረውን ሕዝብ አስቦ ማልዶ መነሣት ይኖርበታል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህም በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ መንገዱ ብዙ ስለ ተለወጠ፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት እዚያ የተማረ ዘመድ «ታክሲው እዚህ ያወርድሃል» ቢል፣ ምክሩን ተቀብሎ ቦታውን በራስ ዓይን ማየት ይሻላል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ የናንተ ነገር ጥቂት ይለያል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፉ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ልጆቹም አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ቤታቸው አማካይነት ተጉዘው እዚያው ያድራሉ። ስለዚህ ክፍሉን አስቀድሞ ማየት የናንተ ድርሻ አይደለም። የናንተ ድርሻ ከትምህርት ቤቱ ዘንድ የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ ሳይሆን የግቢውን ስም ጭምር ጠይቆ መጻፍ፣ ፈተናውም ሲያልቅ ልጁ በየትኛው በር እንደሚወጣ ማወቅ ነው። ልጁ ስልክ ስለማይዝ፣ በአንዱ በር እናት፣ በሌላው በር ልጅ ቆመው ሲጠባበቁ መዋላቸው የታየ ነገር ነው።

ቅዳሜ ማታ የደብረ ብርሃኑ ልጅ ስለ ዕለቱ ሊነግረኝ መጣ። በ1:40 ከክፍሉ በር ደርሶ ስሙን ከዝርዝሩ ላይ አግኝቷል። ሊገባ ሲል አንዲት ልጅ እያለቀሰች ደረጃውን ስትወርድ አየ። እርሷም ካርዷ 204 ይል ነበር፤ ስሟ ግን በበሩ ላይ ካለው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። «የትምህርት ክፍልሽ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃትና ከፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ አሳያት። «አንድ ፎቅ አይደለም፣ ሁለት ፎቅ ውጪ፤ የዚያኛው አቈጣጠር ሌላ ነው አልኋት» አለኝ። ሐሙስ ከጽሕፈት ቤቱ ስንወጣ የዚያን ሕንፃ የመጀመሪያ ክፍል ቁጥር ልብ ብሎ አይቶት ኖሯል። ልጅቱ ፈተናው ሳይጀመር ደርሳ እንደሆነ ግን አላወቀም።

ስለ ቀድሞይቱ ተማሪዬም ልጨምርላችሁ። በዚህ ዓመት እንደ ገና ተመዝግባ፣ ከሁለት ቀን በፊት ከእናቷ ጋር ሄዳ ግቢውን አየች። እናቲቱ ፊደል ባትቈጥርም ከበሩ ፊት ለፊት ያለችውን የሻይ ቤት ምልክት አድርጋ ያዘች። በፈተናው ማለዳ ልጇን መርታ ከበሩ ያደረሰቻት እርሷ ነበረች።